አውድማ ላይ የጠየቅሁት ሐዘን

በደሉ ይህ ነው። ወንድማቸው የሞተባቸውን ሴት «እግዜር ያጥናዎ» በማለቴ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ገብቼ አፌን እንዳልከፍት ተፈርዶብኝ ኖሬያለሁ። ሰው ገድዬ አይደለም፤ የሰው ስም አጥፍቼም አይደለም። መባል ያለበትን፣ በሚገባው ድምፅ፣ ለሚገባው ሰው አልኩ። ልጆቼ «እማዬ፣ አሁን እኮ ሁሉም ሞተዋል፣ ተይው» ይሉኛል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እኔም ስሞት የሚቀረው ወሬው ብቻ ነው፤ ወሬው ደግሞ የነሱ ነው። ስለዚህ እስከ አራተኛ ክፍል በተማርኳት ጽሕፈት እጽፈዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ወደ አንኮበር የተዳርኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ንጉሡ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር በበቅሎ አንድ ቀን ሙሉ በሚያስኬድበት ጊዜ። እናቴ ስትድረኝ ከሰጠችኝ ዕቃ ይልቅ የሰጠችኝ ምክር ይበዛ ነበር፤ ከምክሩ ደግሞ የሚበዛው ስለ ለቅሶ ነው። በሰፈራችን እናቴ ያልደረሰችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር።

«ሐዘንተኛ ቤት ስትገቢ ‹እንደምን አደራችሁ› አትበይ» ትለኛለች። «እንዳላደሩ ታውቂያለሽ። ‹ደህና ናችሁ ወይ› አትበይ፤ ደህና ቢሆኑ አትሄጂም ነበር። ዝም ብለሽ ግቢና ተቀመጪ። ሲያለቅሱ አልቅሺ። እንባው እምቢ ካለሽ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርገሽ ጎንበስ በይ፤ እግዜር ያያል፣ ሰው አያይም። ‹ምን ነካቸው? ስንት ቀን ታመሙ?› ብለሽ እንደ ዳኛ አትመርምሪ። ራሳቸው ከነገሩሽ ስሚ። ልጅ የሞተባትን ‹ሌላ ትወልጃለሽ› አትበይ፤ የሞተባት ያኛው ነው። አሮጊት እናቷ የሞተችባትን ‹ዕድሜ ጠግበው ነው› አትበይ፤ እሳቸው ቢጠግቡ እሷ አልጠገበቻቸውም። ንፍሮ ሲሰጡሽ ተቀበይ። በልተሽ ስታበቂ ‹ነፍስ ይማር› እንጂ ‹ያትረፍርፈው› እንዳትይ፤ ምኑ ይትረፍረፍ? ስትወጪ ቆም ብለሽ ‹እግዜር ያጥናችሁ፣ ከዚህ የባሰ አያምጣ› ብለሽ ውጪ። ‹ደግሞ እመጣለሁ› ያልሽ እንደሆነ ሌላ ሬሳ ቀጠርሽላቸው ማለት ነው።»

«መንገድ ላይ ባገኛትስ?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ካገኘሻትማ ሰላምታ አታስቀድሚ። ቁሚ። አትሳቂ። እጇን በሁለት እጅሽ ያዢና ‹እግዜር ያጥናሽ› ብለሽ ዝም በይ። እሷ እስክትለቅሽ አንቺ አትልቀቂ።»

ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ደግሜ ደጋግሜ በቃሌ ያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ አልነገረችኝም፤ ስለሱ ኋላ እደርሳለሁ።

አንኮበር የባሌ ቤት አጠገብ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ መሬታቸውን ራሳቸው በመጋዞ፣ ምርቱን ከአራሹ እየተካፈሉ፣ ያሳርሳሉ። ምላሳቸው እንደ ሳማ ነው። ገበያ ሲሄዱ ሰው መንገድ ይቀይራል፤ ንቀት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። በዓለም ላይ የሚወዱት አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ደብረ ብርሃን የሚኖር ታላቅ ወንድማቸው ነው።

በተዳርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እዚያ እያለሁ እሑድ ቀን ወንድምየው አረፉ። ከእናቴ ጋር ቀብር ወጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ንፍሮ በላሁ፣ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከአንኮበር ማንም አልደረሰም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። ሰኞ ጧት መልእክተኛ ወደ አንኮበር ሲላክ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ሐሙስ ስመለስ ታዲያ እትዬ ሳይሰሙ አይቀሩም ብዬ ነው፤ ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያው ያስባል።

መልእክተኛው ማክሰኞ ደርሶ ነበር። የደረሰው ግን እትዬ ዘንድ ሳይሆን ጎረቤታቸው አማቴ፣ የባሌ እናት ዘንድ ነው። መርዶ ሐዘንተኛው ጆሮ ላይ ዝም ብሎ አይጣልም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቄስ ይጠራል፣ ቀን ይቆረጣል። ሰውየው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ በንጋት ይኬዳል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከግራና ከቀኝ ይቀመጣል፤ ውሃ ይዘጋጃል። አማቴ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይነገራቸው አሉ። እስከዚያ ለመላው ሰፈር ትእዛዝ ወጣ፦ «እንደወትሮው ሰላም በሏት። ፊታችሁ እንዳይለወጥ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወትሮ ማን ሰላም ብሏቸው ያውቃል?

ኋላ እንደሰማሁት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ እትዬ በዕድሜያቸው ሁሉ ያላገኙትን ሰላምታ አግኝተዋል። መንገድ ይቀይር የነበረው ሰው መንገድ ተሻግሮ መጣ። «እንደምን አደሩ? እንዴት ሰነበቱ? ከብቱስ? ዶሮዎቹስ?» የማይጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወንድማቸው ጤና። ገብሳቸው አውድማ ላይ ተከምሮ ነበርና ሰፈሩ ደቦ ሳይጠራ በራሱ መጣ። ወንዶቹ በሬ ነድተው አበራዩ፣ ሴቶቹ ጠረጉ። አማቴ፣ ከእትዬ ጋር በድንበር ምክንያት ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩት አማቴ፣ ወንፊት ይዘው ወረዱ።

ትእዛዙ ለሁሉም ተነግሯል። ለሕፃናቱ ተነግሯል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሚለምነው ዓይነ ስውር ሳይቀር ተነግሯል፤ ከሳንቲሙ በፊት «ነፍስ ይማር» እንዳያመልጠው ተብሎ። ከደብረ ብርሃን ለምትመለሰው ምራት ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይንገራት ያለ የለም። ይሄ ይመዝገብልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከበቅሎዬ ወርጄ በአውድማው በኩል መጣሁ። እትዬ መንሽ ይዘው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ከቧቸዋል። ሰፈሩ ሐዘናቸውን ሊያግዝ ወጥቶ ነው ብዬ ልቤ ተነካ፤ ለካ ደግ ሰፈር ነው የተዳርኩበት አልኩ። የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አዞርኩ። ሰላምታ አላስቀደምኩም። አልሳቅሁም። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩና እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እግዜር ያጥናዎ፣ እትዬ» አልኩ።

በሬዎቹ እንኳ ቆሙ። ከእትዬ ኋላ አማቴ ወንፊቱን ከፍ አድርገው እያወዛወዙ ምልክት ይሰጡኛል። እኔ ገለባ የሚያራግፉ ነበር የመሰለኝ። ባሌ አፉን በሁለት እጁ ይዟል። እትዬ ግን መጀመሪያ እኔን አዩ። ኋላቸውን ዞረው ክምሩን አዩ። ሰማዩን አዩ፤ ያለ ጊዜው ደመና ቋጥሮ ነበር። እንደገና ክምሩን አዩ። ከዚያ «ወይኔ!» ብለው የጮኹት ጩኸት ከተራራው በታች ያለው አልዩ አምባ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

እኔ እጃቸውን አልለቀቅሁም። እናቴ አትልቀቂ ብላኛለች።

«ልቀቂያት! አንቺ መዓተኛ፣ ልቀቂያት!» አሉ አማቴ። «ምን አልሻት?»

«ያጥናዎ ነው ያልኳቸው!»

«ማን ሞቶባት?»

«ወንድማቸው ነዋ፣ እሜቴ! ቀብር ወጥቼ የመጣሁ እኔ!»

ይኸኔ እትዬ ሁለተኛ ጮኹ፣ ሰፈሩም አብሮ ጮኸ። መንሽ፣ ላይዳ፣ ወንፊት እየተጣለ ሁሉም እትዬን ደግፎ ወደ ቤት። አውድማው ላይ እኔና በሬዎቹ ብቻ ቀረን። እናቴ ሳትነግረኝ የቀረችው ይኸው ነበር፤ ‹ያጥናሽ› ከማለትሽ በፊት መስማቷን አጣሪ። ማታ ዘነበ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ከተለቀሰ በኋላ እኔ ሽማግሌ ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ነበሩ።

«መርዶ በሽማግሌ፣ በንጋት፣ በቤት ነው» አሉ ቄሱ። «አንቺ ግን ከቀትር በኋላ፣ በሜዳ፣ ብቻሽን ተናገርሽ።»

«አባ፣ እኔ መርዶ አልነገርኩም» አልኩ። «እኔ ሐዘን ነው የጠየቅሁት።»

«ያልሰማ ሰው ሐዘን አለው?»

«የሞተበት ሰው ሐዘን የለውም?»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። አንደኛው ሽማግሌ «ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች መሰለኝ» አሉ፤ ሙገሳ አልነበረም።

«እንግዲያው ይንገሩኝ» አልኩ። «አለመስማታቸውን ማን ሊነግረኝ ይገባ ነበር? ለለማኙ የተነገረው ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

አማቴ ወደ መሬት አዩ። ሽማግሌዎቹም አማቴን አላዩም። እትዬ ጥግ ላይ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ፍርዱ ወጣ፦ ድንጋይ ተሸክሜ እትዬ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ።

«ጥፋቴ ይነገረኝና ሁለት ድንጋይ እሸከማለሁ» አልኩ።

ጥፋቴን የሚነግረኝ ጠፋ፤ ይቅርታውም ቀረ። በምትኩ ሰፈሩ ያለ ሸንጎ የራሱን ፍርድ ፈረደ። ለቅሶ ቤት እንድሄድ ተፈቀደ፤ እንድናገር አልተፈቀደም። ስገባ አማቴ ክንዴን ጨብጠው በቀጥታ ወደ ጓሮ ይወስዱኛል፤ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ሰው ሁሉ በየተራ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል እኔ ከጉልቻው አጠገብ ለባቄላው እነግረዋለሁ።

ስሜ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሆነ። አንድ ቀን ጧት ወንፊት ልዋስ ጎረቤት ዘንድ ብሄድ፣ ሴትየዋ በሩን ከፍታ እኔን እንዳየች ደረቷን መታ ቁጭ አለች። «ማን ነው? እናቴ ናት? ንገሪኝ!»

«ወንፊት ነው» አልኳት።

«ወንፊት ምን ሆነ?»

ቄሱ ራሳቸው አንድ ቀን ከቅዳሴ በፊት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በይ ልጄ፣ ቁጭ ብያለሁ፣ ንገሪኝ» አሉ። «ደህና አደሩ ወይ ልልዎ ነው» ብላቸው ተነሥተው አቧራቸውን እያራገፉ ሄዱ፤ ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ይህን ስጽፈው ያስቀኛል። ያኔ ግን ቀልድ አልነበረም። በኛ አገር ለቅሶ ብድር ነው። ያልደረስሽለት አይደርስልሽም። እኔ ደርሻለሁ፣ እጄ ቆስሏል፣ ዓይኔ በጭስ ጠፍቷል። ነገር ግን ሐዘንተኛዋ ቀና ብላ «እከሊት መጥታ አጽናናችኝ» የምትለው ያየችውንና የሰማችውን ነው። ጓሮ ያለውን ማን ይቆጥራል? እናቴ ደግሞ እያረጀች ነበር። እሷ የሞተች ለት ብቻዬን ደረቴን ስመታ ይታየኝ ነበር።

በያመቱ እትዬን ብቻቸውን ባገኘኋቸው ቁጥር ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «እትዬ፣ ጥፋቴ ምን ነበር?»

«ሂጂ ወዲያ» ይሉኛል። ግን አይሰድቡኝም። እትዬ ሰው ሳይሰድቡ ሲያሳልፉ ያየሁት እኔ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ይገርመኝ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት እናቴ ሞተች።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ገና ልነሣ ስል፣ ከደጃፉ ውጪ ሹክሹክታ ሰማሁ።

«እርስዎ ይንገሯት።»

«ኧረ እርስዎ! እኔ ያን ጊዜ የተናገረችኝን አልረሳሁትም።»

«ቄሱ ይንገሯት።»

«እኔ እጸልያለሁ፤ ነገሩን እናንተ ጀምሩት።»

«ውሃውን ማን ያዘ?»

«አማትየዋ ይዘዋል።»

«አልያዝኩም! አንተ ነህ የያዝከው።»

በሩን ከፈትኩት። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ቄስ፣ አማቴ፣ ባሌ፤ ውሃ ማንም አልያዘም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«አዎ» አሉ ቄሱ፤ ጸሎቱም ጠፋባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። የኔ ነው።

ሰው ግን መጣ። ፈርቼ የነበረው አልደረሰም፤ ቤቱ ሞላ፣ ውጪ ዳስ ተጣለ። ንፍሮ ስቀቅልላቸው የኖርኩት ሴቶች ሁሉ ለካ በልባቸው ቆጥረውት ኖሯል። ነገር ግን እኔን ለማጽናናት ይፈራሉ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሲወጡ ከሩቅ ቆመው «ያጥናሽ» ብለው እንደ ሌባ ይሾልካሉ፤ ነገር አነሣለሁ ብለው ነው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ መጡ። ምርኩዝ ይዘው፣ ዝም ብለው ገብተው ከፊቴ ተቀመጡ። እናቴ እንዳለችው ነው ያደረጉት፤ እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን ነካቸው የለ። እኔም እያለቀስኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሐዘንተኛ የፈለገውን ይናገራል፣ መልሶ የሚቆጣው የለም። ሙሾ ላይ የተባለ ነገር በሽማግሌ አይከሰስም። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት መድረክ ይኸው ተዘርግቶልኛል። ተነሣሁ፣ ደረቴን መታሁና አወረድኩት፦

መርዶ ነጋሪ ናት ብለው የሰደቡኝ፣
ዛሬ እናቴ ሞታ በምን አፍ ጠየቁኝ።

ተቀባዮቹ ሴቶች መቀበሉን ረሱት። አማቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ቄሱ መቁጠሪያቸውን ፈጠን ፈጠን አደረጉ። ሁሉም እትዬን ያያል።

እትዬ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋደሙና «ተቀመጪ» አሉ። «አውቄ ነበር።»

«ምኑን?» አልኳቸው።

«ወንድሜ መሞቱን። አንቺ ሳትመጪ፣ ረቡዕ ነው ያወቅሁት።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ አማቴ ነጠላቸውን ጥለው።

«አንቺ ነሻ! ስድስት ዓመት ተኳርፈን ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቅሽኝ። ጉልበቴን ያመመኝ ሃያ ዓመት ነው። ከአልዩ አምባ በርበሬ የሚያመጣው ነጋዴ ‹አላህ ጤናዎን ይስጥዎ› ብሎ ሳልከራከረው ሁለት እፍኝ ምርቃት ጨመረልኝ። ያ ሰው ለእናቱም ምርቃት አይጨምርም። ሰፈሩ ሁሉ ሳልጠራው መጥቶ ገብሴን ያበራያል። ከብቴን፣ ዶሮዬን፣ ድመቴን ሳይቀር ‹እንደምን ናት› ያላለ የለም፤ ወንድሜን ግን አንድም ሰው አላነሣም። ለኔ የሚሞትብኝ ማን አለ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ጎተራው ውስጥ እየገባሁ ለብቻዬ አለቀስኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ ቄሱ።

«ገብሴስ? ብጮህ ሁሉ ጥሎት ወደ ለቅሶ ይሄዳል። እስከ ቅዳሜ ዝም ብል ይገባልኛል፣ ያውም በነፃ ጉልበት። ሐሙስ ይቺ መጣችና ያጥናዎ አለችኝ፤ ዝናብም መጣ፣ ግማሹ በስብሶ ቀረ። መጀመሪያ የጮኽኩት ለገብሴ ነው። ሁለተኛው ለወንድሜ ነበር።»

ለቅሶ ቤት አይሳቅም። ግን ጥግ ካሉት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በሬዬን ይዤ…» ብለው ጀምረው ተዉት። እኔም፣ እናቴን ይማርልኝ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ነገር ግን በሳቅ እንዲያመልጡኝ አልፈለግሁም።

«እትዬ» አልኩ፣ «እሱን አልጠየቅሁም። ያኔ ቢናገሩ ወንድሟ ሞቶ ገብስ ስትወቃ ዋለች ይሉኛል ብለው ፈሩ፤ ይሁን። ሰባት ዓመት የጠየቅሁት ሌላ ነው። ጥፋቴ ምን ነበር?»

እትዬ ቀና ብለው አማቴን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ተነሥተው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ። «ጥፋት የለብሽም። እነዚህ ሁሉ ሲገለፍጡብኝ፣ ወንድም እንደሞተባት ሰው ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሊነግሩሽ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።» እጄን ሳይለቁ ጠጋ አሉኝ። «ድምፅሽ ግን ለአውድማ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።»